48 ተማሪ ይዞ ወደ መልካ ቁንጡሬና ጢያ፦ የፈቃድ ወረቀት፣ ቆጠራ፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ውሃና መክሰስ

ጥያቄ፦ «የአምስተኛ ክፍል ስም ጠሪ መምህር ነኝ። ኅዳር መጨረሻ ላይ 48 ተማሪዎች ይዘን ከአዲስ አበባ በሁለት ኮስተር ወደ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ ልንሄድ ነው። ሦስት መምህራን ነን። ወላጆች ፈርመው ከላኩ ትምህርት ቤቱ ከኃላፊነት ነፃ ይሆናል አይደል? ልጆቹን ስንሄድና ስንመለስ መኪና ላይ ከቆጠርን ይበቃል? ምን ምን መድኃኒት ልያዝ? መንገድ ላይ ሽንት ቤት ስለማይገኝ ውሃ ቀንሰን ብንሰጣቸውስ ብለናል።»

የወላጅ ፊርማ ማንንም ከኃላፊነት ነፃ አያወጣም። ወላጁ የሚፈርመው ልጁ እንዲሄድ መፍቀዱንና ወዴት እንደሚሄድ ማወቁን ነው። ልጁ ከትምህርት ቤቱ በር ከወጣ ጀምሮ ለወላጁ እስኪረከብ ድረስ የመጠበቅ ግዴታው የእናንተ ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ለሚደርሰው ጉዳት ትምህርት ቤቱ አይጠየቅም» ተብሎ ቢጻፍም በቸልተኝነት ለደረሰ ጉዳት መጠየቅ አይቀርም። እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ሌላም ጉዳት አለው፦ ወላጁ የሚያነበው ማስፈራሪያውን ስለሚሆን፣ ስለ ልጁ ጤና የሚጠይቀውን ክፍል ባዶውን ትቶት ይፈርማል። ለእናንተ ደግሞ በመንገድ ላይ የሚጠቅማችሁ ያ ባዶ የቀረው ክፍል ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን መረጃ መሰብሰቢያ አድርጋችሁ አዘጋጁት። በላይኛው ክፍል ወላጁ ሊያውቀው የሚገባው ይጻፋል፦ የምትሄዱባቸው ቦታዎች፣ ቀኑ፣ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ የመኪናው ዓይነት፣ ክፍያው፣ ልጁ ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ እንዲሁም መልካ ቁንጡሬ አዋሽ ወንዝ ዳር እንደሆነና ልጆች ወደ ወንዙ እንደማይወርዱ። የታችኛው ክፍል ወላጁ የሚሞላው ነው፦ በዚያ ቀን በእርግጠኝነት የሚነሱ ሁለት ስልክ ቁጥሮች (የአባትና የእናት ብቻ ሳይሆን አንዱ የጎረቤት ወይም የዘመድ ቢሆን ይሻላል)፣ ማታ ልጁን የሚረከበው ሰው ስም፣ ልጁ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ስኳር ወይም ሌላ ሕመም እንዳለበት፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው ምግብ፣ መኪና ያጥወለውለው እንደሆነ፣ ይጾም እንደሆነና እስከ ስንት ሰዓት፣ በመጨረሻም አደጋ ቢደርስ ወላጁ እስኪደርስ ሕክምና እንዲጀመርለት ፈቃዱ።

ጥያቄዎቹ «አለ / የለም» ተብለው እንዲከበቡ አድርጉ። «ልጅዎ የጤና ችግር ካለበት ይግለጹ» ተብሎ ባዶ መስመር ከተሰጠ አብዛኛው ወላጅ ምንም አይጽፍም። ባዶ መስመር ደግሞ «የለም» ማለት ይሁን «አላነበብኩትም» ማለት ይሁን አይታወቅም። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ሌላ መምህር ባለበት ተነቦለት የጣት አሻራ ያድርግ። አፋን ኦሮሞ ወይም ሌላ ቋንቋ ለሚቀለው ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ ላኩለት።

ወረቀቱ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ይውጣ፣ ከአራት የትምህርት ቀናት በፊት ተመልሶ ይግባ። ይህ የአራት ቀን ርቀት ያስፈለገው ፊርማ ለመሰብሰብ ብቻ አይደለም፤ የቡድን ድልድሉ፣ የውሃው ብዛት፣ የምግቡ ዓይነትና የመድኃኒቱ ሁኔታ የሚወሰነው ከዚያ ወረቀት ስለሆነ ነው። በጉዞው ጠዋት በር ላይ በስልክ «አዎ ይሂድ» መባልን አትቀበሉ። የሚያናግራችሁ ማን እንደሆነ ማረጋገጥ አትችሉም፤ የጤና ጥያቄዎቹም አልተመለሱም። ወረቀት ያላመጣ ልጅ ይቀራል፤ ለቀሪዎቹም የሚያስተምር መምህርና ክፍል አስቀድሞ ይመደብ። ክፍያውን ያላሟላውን ልጅ ስም ደግሞ ክፍል ውስጥ አትጥሩ። ከወላጁ ጋር ለብቻ ተነጋገሩ፤ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ የዘገየው በገንዘቡ ምክንያት ነው።

የተሞላውን ወረቀት በሁለት ቅጂ ያዙ፦ አንዱ ከእናንተ ጋር ይሄዳል፣ አንዱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጣል። ስልካችሁ ባትሪ ቢጨርስ ወይም መኪናው ራሱ አደጋ ቢገጥመው ወላጆችን መጥራት የሚችል ሰው ትምህርት ቤት መኖር አለበት።

አሁን ወደ ቆጠራው። ሁለት ጊዜ መቁጠር አይበቃም፤ ሦስት መምህር ደግሞ ለ48 ልጅ አይበቃም። ልጅ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር በሚዘዋወርበት ሰዓት ነው፦ ከመኪና ሲወረድ፣ ሽንት ቤት ሲኬድ፣ ከምሳ ሲነሱ፣ ወደ መኪና ሲመለሱ። ስለዚህ ቆጠራው በእነዚህ መገጣጠሚያዎች ላይ ይደረግ። ልጅ መጥፋቱ ጢያ ላይ ታውቆ እንደሆነ የምትፈልጉት አንድ ግቢ ነው። ማታ ትምህርት ቤት ስትደርሱ ከታወቀ ግን የምትፈልጉት ሰማንያና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው።

የምመክረው ድልድል ይህ ነው። 48ቱን በስምንት በስምንት ከፍላችሁ ስድስት ቡድን አድርጉ። አምስት ወላጆች ይጨመሩ። ከሦስቱ መምህራን አንዱ አንድ ቡድን ይይዛል፣ አምስቱ ወላጆች አምስቱን ይይዛሉ። ሁለቱ መምህራን ቡድን አይይዙም፤ አንዱ መሪ ነው፣ ሌላው ምክትልና የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ያዥ። መሪው ቡድን ከያዘ አንድ ልጅ ሲታመም ወይ ቡድኑን ይጥላል፣ ወይ ሕመምተኛውን። ወላጅን በገዛ ልጁ ቡድን ላይ አለመመደብ ጥሩ ነው፤ ዓይኑ ወደ አንዱ ብቻ እንዳያደላ። ታናሽ ወንድምና እህት ይዞ መምጣት አይፈቀድም፤ ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ አንድ ልጅ ቆጠራውን ሁሉ ያበላሻል።

በእያንዳንዱ ኮስተር 24 ተማሪ፣ ሦስት ቡድን መሪና አንድ መምህር፣ ማለትም 28 ሰው ይቀመጣል። መኪናውን ከመከራየታችሁ በፊት መቀመጫውን ቁጠሩ። መተላለፊያው ላይ የሚዘረጋው ታጣፊ ወንበር ሁሉ ሲሞላ ከኋላ ያለ ልጅ ቢታመም እሱ ዘንድ ለመድረስ ግማሹን መኪና ማስነሳት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሕመም ያለባቸውና መኪና የሚያጥወለውላቸው ልጆች ከፊት ይቀመጡ። አንድ ልጅ በመጣበት መኪና ይመለስ፤ «ከጓደኛዬ ጋር ልቀመጥ» ብሎ መኪና መቀየር አይፈቀድም። በሁለት መኪና በሚደረግ ጉዞ ልጅ ቀርቶ መኪናው የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው፦ የፊተኛው መኪና «ኋለኛው ላይ ይሆናል» ይላል፣ የኋለኛው «ፊተኛው ላይ ነው» ይላል፣ ሁለቱም አምነው ይነሳሉ።

ጭንቅላት መቁጠር ብቻውን ያታልላል። የሚንቀሳቀስ ሰልፍ ሲቆጠር አንዱ ልጅ ሁለቴ ይቆጠራል፣ ሌላው ይዘለላል፣ ድምሩ ግን 48 ይመጣል። ስም መጥራትም ብቻውን አይበቃም፤ ጓደኛው ሽንት ቤት የሄደበት ልጅ በቅንነት «አለ!» ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ በቡድኑ ውስጥ ከ1 እስከ 8 ቋሚ ቁጥር ስጡት። ልጆቹ ቆመው ወይም ተቀምጠው በተራ ቁጥራቸውን ይጠራሉ፤ ቡድን መሪው ፊታቸውን እያየ ከስም ዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል። ስምንት ልጅ እንዲህ ለመቁጠር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ስድስቱ ቡድን መሪዎች ለመሪው «ቡድን ሦስት፣ ስምንት» እያሉ ያስታውቃሉ፤ መሪው በወረቀት ላይ ይጽፋል። መሪው እጁን እስኪያነሳ ድረስ ሾፌሩ ሞተር አያስነሳም። ይህን ለሾፌሮቹ ጠዋት በግልጽ ንገሯቸው፤ ተሰላችተው ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ የሚጀምሩ አሉ።

መነሻ የሚሆናችሁ ቁጥር በስም ዝርዝሩ ላይ ያለው 48 ሳይሆን ጠዋት መኪናው ላይ በዓይን የታየው ነው። ሁለት ልጅ ታሞ ከቀረ የዕለቱ ቁጥር 46 ነው። ይህን ቁጥር ሁሉም አዋቂ በእጁ ባለው ወረቀት ላይ ያስተካክል፣ ለትምህርት ቤቱም በስልክ ይነገር። ይህ ካልተደረገ ከሰዓት በኋላ አንዱ መሪ 48 ሲፈልግ፣ ሌላው 46 ይዞ ትሄዳላችሁ።

መልካ ቁንጡሬ ላይ የሙዚየሙ ክፍሎች ጎጆ ቤቶች ስለሆኑ 48 ልጅ አንድ ላይ ሊገባ አይችልም። ቡድን በቡድን ይግባ፤ ውጪ የሚጠብቁት በጥላ ስር ተቀምጠው ይቆዩ። የልጆቹ ልብ የሚሄደው ወደ ወንዙ ነው። ስለዚህ ከመሪዎቹ አንዱ ሁልጊዜ በወንዙ በኩል፣ ልጆቹን ፊት ለፊት እያየ ይቁም። ጢያ ደግሞ ገላጣ ሜዳ ላይ የቆሙ ትክል ድንጋዮች ናቸው። እዚያ የመጥፋት ዕድሉ ያነሰ ነው፣ ፀሐዩ ግን ይበረታል። ልጆቹ ድንጋዮቹ ላይ እንዳይወጡና እንዳይደገፉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ መልካ ቁንጡሬና ባልጪትም በ2024 ተመዝግበዋል።

አዳዲ ማርያምን ግን ከዚህ ጉዞ አውጧት። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ የሚኬድባት ውቅር ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ዙሪያዋም ከአለት የተፈለፈለ ገደል ያለ ጠርዝ ስላለው ለብዙ ልጅ የተለየ ጥበቃ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ማረፊያ መውረድ፣ መቁጠር፣ ሽንት ቤት፣ እንደገና መቁጠርና መሳፈር ማለት ነው። በሁለት ቦታ ብቻ ጠዋት 1 ሰዓት ተነስታችሁ 2፡30 አካባቢ መልካ ቁንጡሬ፣ 5፡30 ጢያ፣ ምሳ እዚያው በልታችሁ 8 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ 10፡30 ገደማ ትምህርት ቤት ትደርሳላችሁ። ሦስተኛ ቦታ ሲጨመር የሚያልቀው በአዲስ አበባ መግቢያ መጨናነቅ ውስጥ፣ በጨለማ፣ በደከሙ አዋቂዎችና በተኙ ልጆች ነው።

አሁን በተግባር እንየው። ጢያ ላይ 8 ሰዓት ሲሆን ቡድን አራት «ሰባት» ብሎ አስታወቀ፤ ቁጥር 5 የለም። መጀመሪያ ሁሉም ልጆች መኪና ውስጥ ይቀመጡ፤ ሁለቱም መኪናዎች ይቆለፉ እንጂ አይንቀሳቀሱ። ልጆችን ለፍለጋ መላክ ፈጽሞ አይሆንም፤ አንድ የነበረው ጠፊ ሦስት ይሆናል። ምክትሉ የቡድን አራትን ልጆች «ቁጥር 5ን መጨረሻ ያያችሁት የት ነው? ከማን ጋር ነበር? ምን ለብሷል?» ብሎ ይጠይቅ። ሌላው መኪናም በዚያው ቅጽበት እንደገና ይቆጠር። ከዚያ አንድ አዋቂ ልጁ መጨረሻ ወደታየበት ቦታ፣ ሁለተኛው ወደ ሽንት ቤቱ፣ ሦስተኛው ወደ ግቢው በር ይሂድ፤ በሩ ላይ ያለው ከዚያ አይነቃነቅ። የቅርሱን ጠባቂዎች ወዲያውኑ ንገሯቸው፤ ቦታውን ከእናንተ በተሻለ ያውቁታል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልተገኘ ለፖሊስ 991 ይደወል፣ ቀጥሎ ለትምህርት ቤቱ፣ ቀጥሎ ለወላጅ። ወላጅ ከመምህሩ አፍ እንጂ ከሌላ ልጅ ስልክ መስማት የለበትም። ልጁ ሲገኝ ሁሉም ፈላጊ ይጠራ፣ ከዚያ 48ቱ እንደ አዲስ ይቆጠሩ።

ለዚህ ልጆቹም መዘጋጀት አለባቸው። «ከጠፋችሁ ባላችሁበት ቁሙ፤ ዩኒፎርም የለበሰ ጠባቂ ካያችሁ ለእሱ ንገሩት» የሚለውን አንድ መመሪያ ከአንድ ቀን በፊት አስጠኗቸው። የመሪውን ስልክ ቁጥር የእጅ አንጓቸው ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉላቸው ወይም በካርድ ኪሳቸው ውስጥ አስቀምጡ። ስማቸው ግን ደረታቸው ላይ ተለጥፎ አይታይ፤ የማያውቁት ሰው በስማቸው ሲጠራቸው የሚያውቃቸው ይመስላቸዋል።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ አንቲባዮቲክም ሆነ የሕመም ማስታገሻ ከራሳችሁ አትስጡ። ለአንዱ ልጅ የሚስማማው መድኃኒት ለሌላው አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ መጠኑም በኪሎ የሚወሰን ነው። አስፕሪን ደግሞ ለልጆች ጭራሽ አይሰጥም። ወላጅ ለልጁ መድኃኒት ካለው ስም፣ መጠንና ሰዓት ጽፎበት በላስቲክ አሽጎ ይላክ፤ ቡድን መሪው ተቀብሎ በሰዓቱ ይስጥ። የአስም ፓፍ ያለው ልጅ ፓፉ ከእሱ ወይም ከቡድን መሪው ኪስ አይለይ። ልጁን ሜዳ ላይ ሲያፍነው ፓፉ የተቆለፈ ኮስተር ውስጥ ሻንጣ ላይ ከተገኘ አልተያዘም ማለት ነው።

ቦርሳው ውስጥ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ጓንት፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ የተለያየ መጠን ያለው ፕላስተር፣ መቀስ፣ ሳሙና፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ቁስል ለማጠቢያ ብቻ፣ ሶፍት፣ ለሚያስመልሳቸው በርከት ያለ ፌስታል፣ ከአራት እስከ ስድስት የሚሆን የኦአርኤስ ከረጢት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ። አምስተኛ ክፍል ላይ የወር አበባ የሚጀምሩ ልጆች ስላሉ ሞዴስና አንድ ትርፍ ቀሚስ ወይም ሱሪ ይጨመር፤ ይህንንም ከሴት አዋቂዎቹ አንዷ እንደያዘች ሴት ልጆቹ አስቀድመው ይወቁ።

የሚያጋጥመው አብዛኛው የተጋጋጠ ጉልበት፣ ማስመለስ፣ ነስርና ራስ ምታት ነው። ጉልበቱ በውሃና ሳሙና ይታጠብ፣ ይሸፈን፤ ቁስል ላይ አልኮል ማፍሰስ ከማቃጠል በቀር አይጠቅምም። የሚደማ ቁስል ላይ ጎዝ አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ ሳታነሱ ጫኑት፤ ቆመ ወይ እያሉ በየደቂቃው መግለጥ የረጋውን ደም ይነቅለዋል። በነስር ላይ የተለመደው ራስን ወደ ኋላ ማጋደል ስህተት ነው፤ ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርድና ያስመልሳል። ልጁ ተቀምጦ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፣ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል አሥር ደቂቃ ጨምቆ ይያዝ፣ በአፉ ይተንፍስ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ቢወድቅ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ ወይም ብረት መክተት፣ እጅና እግሩን አጥብቆ መያዝ አይፈቀድም። ጭሱ አይጠቅመውም፤ ብረቱ ጥርሱን ይሰብራል፤ መያዙ ትከሻውን ሊያወልቅ ይችላል። ሰዓት ተመልከቱ፣ ጠንካራ ነገሮችን ከአጠገቡ አርቁ፣ ከራሱ ስር ለስላሳ ልብስ አድርጉለት፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። ሌሎቹን ልጆች ሌላ አዋቂ ወደ ጎን ይውሰዳቸው። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ቆሞ ልጁ ሳይነቃ ከደገመው፣ ወደ ሕክምና ይሂድ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ግን ከከተማ ውጪ እስኪደርስ ሊዘገይ ስለሚችል በእሱ ብቻ አትተማመኑ። ከጉዞው በፊት በመንገዳችሁ ላይ ያሉትን ጤና ጣቢያዎች ስልክና ቦታ ጽፋችሁ ያዙ። ከጢያ ወደ ሆስፒታል መሄድ ካስፈለገ ቡታጅራ ከአዲስ አበባ ይቀርባል። ሁለት መኪና መያዛችሁ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ግን ሌሎቹን 27 ሰዎች አብሮ ከመጎተት ከመነሳታችሁ በፊት በአካባቢው የሚከራይ መኪና የሚያገኝላችሁን ሰው ስልክ መያዝ ይሻላል።

ውሃ መቀነስ የሚለውን ሐሳብ ተዉት። የኅዳር ጠዋት ብርድ ያታልላል እንጂ በደጋ ላይ ያለው ፀሐይ ከረፋድ ጀምሮ ብርቱ ነው፤ ልጆች ደግሞ ሲጫወቱ ጥማቱን ዘግይተው ነው የሚያስተውሉት። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ራስ ምታት፣ ማዞርና ማልቀስ ብዙ ጊዜ መንስኤው ውሃ አለመጠጣት ነው። ሽንት ቤት እንዳይመጣ ብለው ራሳቸው ውሃ የሚተዉ ሴት ልጆች ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ።

የችግሩ መፍትሔ የመጠጫውን ሰዓት ማስተካከል ነው። መንገድ ላይ ጉንጭ ጉንጭ ይጠጡ፤ ጠገብ አድርገው የሚጠጡት ቦታው ላይ እንደደረሱና ከምሳ ጋር ይሁን፤ ከመሳፈራቸው በፊት ሁሉም ሽንት ቤት ይሂዱ፣ የማይመጣውም ጭምር። ወደ ሁለቱም ቦታዎች አስቀድማችሁ ደውላችሁ ሽንት ቤቱ ክፍት መሆኑንና ውሃ መኖሩን ጠይቁ። ለመንገድ ደግሞ ንጹሕ ሽንት ቤት ያለው ማደያ በመሄጃና በመመለሻ አንድ አንድ ምረጡ። ሽንት ቤት ጥንድ ጥንድ ሆነው ከአዋቂ ጋር ይሂዱ፤ ቡድኑ ሲመለስ ይቆጠር።

መጠኑን እንተምን። ለአንድ ልጅ አንድ ሊትር፣ በሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፦ አንዱ ጠዋት በእጁ፣ ሁለተኛው በቡድኑ ካርቶን ውስጥ ሆኖ ጢያ ላይ የሚታደል። አንድ ላይ ከተሰጠ ግማሹ መኪና ውስጥ ይረሳል፣ ግማሹ መረጫጫ ይሆናል። ይህ 96 ጠርሙስ ነው። ለስምንቱ አዋቂዎችና ለሁለቱ ሾፌሮች 10 ሊትር፣ ለመጠባበቂያ ሌላ 12 ሊትር ጨምሩ። የእጅ መታጠቢያ ከዚህ ውጪ ነው፦ ለ48 ልጅ በአንድ ጊዜ 15 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ ከመክሰስና ከምሳ በፊት ሁለት ጊዜ 30 ሊትር ስለሚሆን፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ማስቀጃ ይዛችሁ ሂዱ። ጀሪካኑ የመጠጥ እንዳልሆነ ይጻፍበት። ከአዋሽ ወንዝ አይጠጣም፣ እጅም አይታጠብበትም።

ምግቡ ላይ ቀኑ ራሱ ይወስንላችኋል። ጉዞው ከኅዳር 15 በኋላ ከሆነ የነቢያት ጾም ስለገባ የጾም ምግብ ብቻ ያዙ፤ ሥጋና ወተት የሌለበት ምግብ ለጿሚውም ለማይጾመውም፣ ለሙስሊሙም ልጅ ስለሚሆን ጥያቄ አይነሳበትም። ረፋድ 3፡30 ገደማ ሙዝና ዳቦ፣ ለምሳ ከቤት የሚመጣ በድንች ወይም በአትክልት የተሞላ ዳቦ፣ ለመመለሻ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ካለ ቆሎው ከኦቾሎኒ ጋር ያልተቀላቀለ ይሁን፣ ልጆችም ምግብ አይቀያየሩ። ማዮኔዝና የበሰለ አትክልት ሞቃት መኪና ውስጥ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ሲቆይ ስለሚበላሽ ማዮኔዝ አይምጣ፤ ድንቹም በደንብ ቀዝቅዞ ይታሸግ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። መኪና የሚያጥወለውለው ልጅ ጠዋት ባዶ ሆዱን አይምጣ፤ ደረቅ ዳቦ ይብላ እንጂ ቅባት ያለው ነገርና ለስላሳ መጠጥ አይሰጠው። እስከ ስድስት ወይም ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ ካለ ወላጁ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ልጁ ካዞረው ግን ውሃ እንዲጠጣና እንዲበላ ከወላጁ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ።

ስትመለሱ አንድ ነገር በጥብቅ ያዙ፦ ማንም ልጅ መንገድ ላይ አይወርድም፣ ቤቱ አስፋልቱ ዳር ቢሆንም፣ ወላጁ በስልክ «እዚያው አውርዱት» ቢልም። የሚረከበው ሰው ስም ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ተመሳክሮ፣ ከስሙ ጎን ሰዓቱ ተጽፎ ልጁ ይሰጥ። በወረቀቱ ያልተጻፈ ሰው ከመጣ ለወላጁ ይደወል። ሁለት አዋቂዎች የመጨረሻው ልጅ እስኪወሰድ ይቆዩ፤ 48ኛው ስም ላይ ሰዓት ሲጻፍ ለርዕሰ መምህሩ ይደወል፣ የተሞሉት ወረቀቶችም ተቆልፎ በሚቀመጥ መሳቢያ ይግቡ።